ያለ ቴምብር የገባው ደብዳቤ

የቤት ሽያጭ ላይሰንሴን እንደያዝኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ለሰፈሬ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ሰፈሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። «ውድ የቤት ባለቤት፣ ቤትዎን በነፃ አፕሬይዝ አደርግልዎታለሁ» ብዬ 150 ኮፒ አሳተምኩ። የቴምብር ገንዘብ አሳሳኝና ቅዳሜ ጠዋት እየዞርኩ በየፖስታ ሳጥኑ ከተትኩት።

ሰኞ የምሠራበት ድርጅት ኃላፊ፣ ብሮከሬ፣ ጠራኝ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ከጎረቤቶቼ አንዱ አድርሶለታል። ቴምብር የሌለው ማስታወቂያ ፖስታ ሳጥን ውስጥ መክተት በፌደራል ሕግ ክልክል መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። አፕሬይዛል፣ ማለትም የቤትን ዋጋ በይፋ መተመን፣ ደግሞ የራሱ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። እኔ መስጠት የምችለው በአካባቢው የተሸጡትን ቤቶች አይቼ ግምት ብቻ ነው። «የድርጅታችን ስምስ የታለ?» አለኝ በመጨረሻ። ረስቼዋለሁ።

ሁለተኛውን አሳጠርኩት። «ከእርስዎ ጥቂት ቤቶች አልፎ ያለው ቤት ባለፈው ወር በ610 ሺህ ዶላር ተሸጧል። የእርስዎ ስንት ሊያወጣ እንደሚችል ማወቅ ከፈለጉ ይደውሉልኝ። ቤትዎን ለሌላ ኤጀንት ሰጥተው ከሆነ ይህ ደብዳቤ እርስዎን አይመለከትም።» የድርጅቱን ስም ከላይ አደረግኩ፤ ቴምብር ለጥፌ ለ40 ቤት ላክሁ።

አንድ ሰው ብቻ ደወለ። ስሜን አይተው በአማርኛ የጀመሩ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ የኔም 610 ያወጣል ማለት ነው?»

«አዎ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «መጥቼ ልየው፣ እማማ» አልኩ።

ቡና አቀረቡልኝ። ኩሽናቸው አዲስ ነው፣ ያምራል። ቤዝመንቱን ሲከፍቱልኝ ግን ባዶ ሲሚንቶ ነው። በ610 የተሸጠው ቤት እኮ ቤዝመንቱ ውስጥ ሁለት ክፍልና ሻወር ነበረው! ደብዳቤዬ ይህን አልነገራቸውም፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የነገራቸው። ባለፉት ስድስት ወራት እዚያው አካባቢ ቤዝመንታቸው ያልተሠራ ሁለት ቤቶች ተሸጠዋል፤ አንዱ በ548፣ ሌላው በ562 ሺህ። ሁለቱም ኩሽናቸው አሮጌ ነው። ስለዚህ ለእሳቸው ከ560 እስከ 580 ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። በ610 ገበያ ቢወጣ ሳይሸጥ ይከርማል። ዋጋው ሲቀነስ ደግሞ ገዢው «ምን ችግር ቢኖርበት ነው?» ማለት ይጀምራል።

ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄን ስትጽፍ ግብር ይጨምርብኛል?» አሉኝ።

ለካ ሲያስጨንቃቸው የነበረው ይሄ ነው። ለግብር የሚገምተው ስቴቱ ራሱ እንደሆነ፣ በየሦስት ዓመቱ እንደሚያደርገው፣ የኔ ወረቀት እዚያ እንደማይደርስ ነገርኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ።

«ልጄ ኮሌጅ ስትጨርስ ነው የምሸጠው፤ ሁለት ዓመት ቀርቷታል» አሉና ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ሊለጥፉ ተነሱ። ተቀብያቸው ከቁጥሩ ሥር የዕለቱን ቀን ጻፍኩበትና መለስኩላቸው።