ሰፈሩን ከቅጹ ሰረዝነው፣ ልዩነቱ ግን አልጠፋም

ደሴ ውስጥ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚጠቀምበትን የመመዘኛ ቅጽ እንዴት እንደፈተሽኩት ልጻፍ። ቅጹ ከ100 የሚታረም ነው፤ 60 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ይበደራል። ከመለኪያዎቹ አንዱ “የመኖሪያ አካባቢ” ይላል፤ መሃል ከተማ ለሚኖር 15 ነጥብ፣ ዳር ለሚኖር 3። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ስሌቱ በቀላሉ እንዲታይ ለማሳያ ያስተካከልኳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት “ይህ ነጥብ የሚለካው ምንድን ነው?” ብዬ ነው። የብድር ሠራተኞቹ “ዳር ያለ ሰው ዘንድ ሄዶ ውዝፍ መሰብሰብ ያስቸግራል” አሉ። ምክንያቱ ይህ ከሆነ የሚለካው ርቀት ነው፤ ከሰፈር ስም ይልቅ ቢሮው ድረስ ያለው የትራንስፖርት ወጪ ይጻፍ። ቀጥሎ ሰፈሮቹን ወደ ታች፣ አመልካቾቹን ወደ ጎን በሁለት ከፍዬ በሰንጠረዥ ቆጠርኩ፦ ከተማዋ ውስጥ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩ፣ እና ብዙዎቹ ተፈናቃይ የሆኑ አዲስ ገቢዎች። አዲስ ገቢው ኪራይ በሚረክስበት ዳር ዳር ላይ ተከማችቷል። ቅጹ ተፈናቃይ የሚል ቃል የለውም፤ ሰፈሩ ግን ቃሉን ተክቶ ይሠራል።

ውጤቱን ለመቁጠር ኤክሴል ይበቃል። ምድቡ በC፣ ውሳኔው (1 ከተፈቀደ፣ 0 ካልተፈቀደ) በH ዓምድ ከሆነ፦

```
=COUNTIFS(C:C,"አዲስ",H:H,1)/COUNTIF(C:C,"አዲስ")
```

ከ160 ነባር አመልካቾች 96ቱ ተፈቅዶላቸዋል፤ 60 በመቶ። ከ80 አዲሶች 28ቱ፤ 35 በመቶ። 35ን ለ60 ስናካፍል 0.58 ይመጣል። አሜሪካኖች በ1978 ለሥራ ቅጥር ያወጡት የአራት አምስተኛ ደንብ የአንዱን ምድብ የማለፍ መጠን ከፍተኛ ላገኘው ምድብ መጠን አካፍሎ 0.8ን እንደ ማስጠንቀቂያ መስመር ይወስዳል። ለእኛ ሕግ አይደለም፣ መስመር ለማስመር ግን ይጠቅማል። ምድቡ ትንሽ ሲሆን ግን አትመኑት፤ 10 ሰው ባለበት ምድብ የአንድ ሰው ውሳኔ 10 በመቶ ያንቀሳቅሳል።

ሰፈሩን ሰርዤ፣ ጠቅላላው 85 ስለሚሆን ማለፊያውን በዚያው 60 በመቶ ልክ ከ60 ወደ 51 አውርጄ፣ እነዚያኑ ማመልከቻዎች እንደገና አስላሁ። ነባሮቹ እዚያው 96 ላይ ቀሩ፣ አዲሶቹ 36 ደረሱ፤ 45 በመቶ። 0.75። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። የቀረው ክፍተት የተደበቀው “ዋስ” የሚለው ዓምድ ውስጥ ነበር፦ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ላቀረበ 20 ነጥብ። በቅርቡ ከወለጋ የመጣች እናት ደሴ ውስጥ ደመወዝተኛ ዘመድ ከየት ታመጣለች? የእቁብ ወይም የአምስት ሰው የጋራ ዋስትና እኩል ነጥብ እንዲያገኝ አድርጌ ሳሰላው አዲሶቹ 42 ሆኑ፤ 52.5 በመቶ፤ 0.875።

ዋስትናውን ከማላላት በፊት አንድ ነገር መታየት አለበት፦ ቀድሞ ከተበደሩት መካከል ቁጠባቸው ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጎ፣ በደመወዝተኛ ዋስና በጋራ ዋስ የተበደሩት ውዝፍ ይለያይ እንደሆነ ማነጻጸር። ይህ ግን ግማሽ መልስ ነው፤ የተከለከለው ሰው ቢሰጠው ይከፍል እንደነበር መዝገቡ አያውቅም። ስለዚህ በአዲሱ መለኪያ በአነስተኛ መጠን ማበደርና ለ12 ወር መከታተል ነው ያለው።

ሃይማኖትም ልዩነት ያመጣ እንደሆነ ማየት ፈለግኩ፤ የስም ጉዳይ ግን ወሎ ላይ ይወሳሰባል። ሌላ አገር ሃይማኖትን ከስም ገምተው ኦዲት ያደርጋሉ። አባት ሰይድ፣ ልጅ ጌታቸው በሚሆንበት አገር ይህ አያስኬድም። ስለዚህ ለሃይማኖት ሁለት ዓምድ አበጀሁ፦ አመልካቹ በፈቃዱ፣ ገምጋሚው በማያየው የኮድ ወረቀት የሞላው፤ እና ማመልከቻውን የማያውቅ ሰው ስሙን ብቻ አይቶ የገመተው። ክፍተቱ በሁለተኛው ብቻ ከሰፋ ቅጹን ሳይሆን የገምጋሚውን ዓይን ነው የምጠረጥረው። ማረጋገጫው የስሙና የአባት ስሙ ቦታ ተሸፍኖ፣ ሌላ ገምጋሚ ያንኑ ማመልከቻ እንዲያርም ማድረግ ነው። የእድር ደብዳቤና የዋሱ ስምም መሸፈን አለባቸው፤ አለዚያ ስሙ በጓሮ በር ይገባል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ይህ ሁሉ የሚቆጥረው ያመለከተውን ነው። በወለድ ምክንያት ከመነሻው ያልመጣ ሙስሊም ሰንጠረዡ ውስጥ የለም፣ የማለፍ መጠኑ እኩል ቢሆንም። እሱን ለማየት የአመልካቾቹን ስብጥር ከማኅበሩ ቆጣቢ አባላት ስብጥር ጋር አነጻጸርኩ። እዚያ ላይ የታየው ክፍተት በነጥብ ማስተካከያ አይዘጋም፤ ከወለድ ነፃ የሆነ አሠራር ይጠይቃል።