የስላይድ ርዕስ ማሰሪያ አንቀጽ ሲኖረው ስብሰባው ስለ ጉዳዩ ይነጋገራል

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው በምሥራቅ ጎጃም፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ነው። ለግምገማ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ የወረዳውን ሪፖርት በፓወር ፖይንት አዘጋጅቼ የማቀርበው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ የስላይዱን ቅደም ተከተል በቃሉ ያውቀዋል፦ «መግቢያ»፣ «የተከናወኑ ዋና ዋና ተግባራት»፣ «ያጋጠሙ ችግሮች»፣ «የተወሰዱ መፍትሔዎች»፣ «ቀጣይ አቅጣጫ»። የአምናው ፋይል ይገለበጣል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ርዕሱ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ያንኑ ርዕስ በሌላ ወረዳ ሪፖርት ላይ ብንለጥፈውም ማንም አይነቃም፤ ስለ እኛ ወረዳ የሚናገረው አንዳች ነገር የለውምና።

ይህን ትቼ እያንዳንዱ ርዕስ የስላይዱን ድምዳሜ በሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲናገር ማድረግ ጀመርኩ። ዘዴው አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማይክል አሊ ለመሐንዲሶችና ለሳይንስ ሰዎች ሲያስተምሩት የኖሩት ነው፦ ከላይ ከሁለት መስመር የማይበልጥ ዐረፍተ ነገር፣ ከታች ያንን ዐረፍተ ነገር የሚያስረዳ ሥዕል ወይም ግራፍ። በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ሥራው ላይ ሲገባ ግን ርዕስ መጻፍ ማለት ግራፉ ምን እንዳረጋገጠና ምን እንዳላረጋገጠ መወሰን ማለት ሆኖ አገኘሁት። አንዷን ስላይድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳያችሁ።

ጉዳዩ የኖራ ነው። የእኛ አካባቢ ደጋ ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩም አሲዳማ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈሩ ውስጥ እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ስለሚታሰር ገበሬው የገዛው ማዳበሪያ የሚገባውን ያህል አይሠራለትም። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ነገር ግን ኖራ እንደ ዩሪያ በአንድ ከረጢት የሚያልቅ ነገር አይደለም። እንደ አፈሩ ምርመራ ውጤት ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፤ ደግሞም ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ስለዚህ መጓጓዣና ጊዜ ሁሉን ነገር ይወስናሉ።

የድሮው ስላይድ ርዕስ «የኖራ አቅርቦትና ስርጭት አፈጻጸም» ይል ነበር። ከሥሩ የሁሉም ቀበሌዎች ዕቅድና ክንውን በሠንጠረዥ ተደርድሯል። የወረዳው ጠቅላላ ክንውን የዕቅዱ ግማሽ አካባቢ ነበር።

መጀመሪያ የጻፍኩት «የኖራ ስርጭቱ ዝቅተኛ ነው» የሚል ነበር። ዐረፍተ ነገር ነው፤ እውነትም ነው። ግን ሠንጠረዡን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ አውቆም ምን ማድረግ እንዳለበት አይገባውም። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ «አርሶ አደሩ ለኖራ ያለው ፍላጎት አነስተኛ ነው በለው» አለኝ። በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚባለውም ይኸው ነው። «ወንድሜ፣ ከዚህ ሠንጠረዥ ላይ ፍላጎት የሚለካ አምድ አሳየኝ» አልኩት። የለም። ክንውኑ ማነሱን እናያለን እንጂ ለምን እንዳነሰ አናይም። ርዕሱን ለመጻፍ ሌላ መረጃ መፈለግ ግድ ሆነ።

የመጋዘን መረከቢያ ደረሰኞቹን አወጣንና ኖራው በየቀበሌው የደረሰበትን ቀን ጻፍን። ከዚያ ቀበሌዎቹን በፊደል ተራ ሳይሆን ኖራው በደረሰበት ቀን ቅደም ተከተል ደረደርናቸው፤ ስንዴና ገብስ የሚዘራበት ሳምንት ላይም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርን። ያኔ ነገሩ ወጣ። ከመስመሩ በፊት የደረሳቸው፣ አብዛኞቹ አስፋልቱ ዳር ያሉት፣ ዕቅዳቸውን ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። ከመስመሩ በኋላ የደረሳቸው፣ መኪና በሰኔ ጭቃ የማይገባባቸው፣ አብዛኛው ኖራቸው መጋዘን ውስጥ ነው።

ርዕሱ አሁን እንዲህ ሆነ፦ «ኖራ ከዘር በፊት የደረሳቸው ቀበሌዎች ዕቅዳቸውን ሊሞሉ ተቃርበዋል፤ ከዘር በኋላ የደረሳቸው ግን ግማሹን እንኳ አልበተኑም»። «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ አላስገባሁትም። ግራፉ ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ያሳያል፤ አስፋልት ዳር ያሉት ቀበሌዎች በሌላም ነገር፣ ለምሳሌ በልማት ሠራተኛ ብዛት፣ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ርዕሱ ግራፉ የሚሸከመውን ያህል ብቻ ነው መናገር ያለበት። ይህን የምፈትነው ርዕሱን በወረቀት ሸፍኜ ግራፉን ብቻ ለአንድ ሰው በማሳየት ነው። «ምን ታያለህ?» ስለው በራሱ ቃል ወደ ርዕሱ ከመጣ ልክ ነው። ሌላ ነገር ካየ ወይ ርዕሱ ተጋኗል፣ ወይ ግራፉ መለወጥ አለበት። እኛም ሠንጠረዡን ሙሉ በሙሉ አንስተን ቀበሌዎቹን በሁለት ቀለም ብቻ የሚለይ የዘንግ ግራፍ ተካነው፤ ሠንጠረዡ ወደ አባሪ ሄደ።

አማርኛችን በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ርዕስ ፍርዱን እስከ መጨረሻዋ ቃል ይዞ ያቆያል። አንባቢው ሁለት መስመር ተኩል ተጉዞ «ተሳክቷል» ይሁን «አልተሳካም» አያውቅም። ስለዚህ ረጅሙን ሐሳብ በድርብ ሰረዝ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማሰሪያ አንቀጽ ይኖረዋል፣ ከላይ እንዳለው። መስመሩ ከቁጥሩና ከስሙ መካከል እንዳይሰበር ደግሞ ራሴ `Shift+Enter` ተጭኜ እሰብረዋለሁ።

ከርዝመቱ የሚብሰው ግን የቢሮ አማርኛ ነው። «የኖራ ስርጭቱ በወቅቱ አለመከናወኑ» የሚል ርዕስ ድምዳሜ ይመስላል። ሆኖም ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። «አለመከናወኑ»፣ «መዘግየቱ»፣ «ውስንነት መኖሩ»፤ እነዚህ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለውን ጥያቄ ሳይነኩ ያልፋሉ። «አለመከናወኑ»ን ወደ «አልተከናወነም» ቀይሩትና እዩ። ወዲያው «የቱ ኖራ? የት?» የሚል ጥያቄ ከራሳችሁ ይመጣል፤ ያንን ስትመልሱ ርዕሱ ይሞላል። ስለዚህ ስላይዶቼን ስፈትሽ መጀመሪያ የምፈልገው ትምህርት ቤት የተማርነውን ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ካጣሁት ያ ስላይድ ገና አላለቀም።

መጠኑም መስተካከል አለበት። ፓወር ፖይንት ለርዕስ በነባሪነት የሚሰጠው የፊደል መጠን 44 ነው። ለአንድ ቃል ርዕስ ይሆናል፤ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግን በዚያ መጠን አራት መስመር ሆኖ ግራፉ ላይ ይወድቃል። እኔ 28 አድርጌ ከግራ አስጀምረዋለሁ፤ በዚህ መጠን በትልቅ አዳራሽ ከኋላ ወንበርም ይነበባል። በ28 ሁለት መስመር ያልገባ ርዕስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ድምዳሜ የያዘ ነው፤ ፊደሉን ከማሳነስ ስላይዱን ለሁለት መክፈል ይሻላል።

አሁን ስለ ሰው ላንሳ፤ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከግምገማው በፊት ስላይዱን ለኃላፊዬ ሳሳያቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ ልጅ፣ ርዕሱ ላይ ፍርድ ጽፈህ መጣህ? ፍርዱን ለመድረኩ ተውለት እንጂ!»

«ጋሼ፣ እኔ የጻፍኩት ግራፉ የሚለውን ነው። እንዲህ አይልም ካሉኝ አሁኑኑ እቀይረዋለሁ።»

ግራፉን ቆይተው አዩት። «ማነው ያዘገየው ቢሉህስ?»

«እሱን ግራፉ አያሳይም። ርዕሱም ማንንም አልጠራም።»

«እንዲህ ከሆነ ይሁን» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር የተነጋገርነው እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል፦ ርዕሱ የሆነውን ነገር ይናገራል፤ ጥፋተኛ አይፈልግም። «በቸልተኝነት»፣ «በትኩረት ማነስ» የሚሉ ቃላት በቁጥር ስለማይታዩ ርዕስ ላይ ቦታ የላቸውም። እነሱን ያወጣ ሰው ጠንካራ ድምዳሜ በአለቃ ፊት ለማቅረብ አይቸገርም።

በመድረኩ ላይ ስላይዱ ሲታይ አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር እጃቸውን አወጡ። «ይኸ የተጻፈው ለእኛ ቀበሌ ልክ አይደለም። ኖራው ከዘር በፊት ደርሶናል። የጎደለን ከመጋዘን እስከ ማሳ የሚያደርስ ጋሪ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ግራፉም ላይ ከመስመሩ በፊት ሆና ክንውኗ ያነሰ አንዲት ቀበሌ ነበረች። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ስለ መኪናና ስለ ጋሪ ሆነ፤ ኖራው ለመኸር በየትኛው ወር መግባት እንዳለበትም ተነሣ። «የኖራ አቅርቦትና ስርጭት አፈጻጸም» የሚለውን ርዕስ ማንም «ልክ አይደለም» ሊለው አይችልም፤ የሚታረም ነገር አልያዘምና። ዐረፍተ ነገሩ ግን የሚያውቀው ሰው እንዲያርመው በር ይከፍታል። ለመልስ ጉዟችን ሳንነሣ ያችን ቀበሌ በሦስተኛ ቀለም ለይቼ ሥሯ «ጋሪ አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ።

ሁሉም ስላይድ እንዲህ አይሆንም። የሽፋኑ ገጽ፣ የወረዳው ካርታና አባሪ ሠንጠረዦች መጠሪያ ርዕስ ይበቃቸዋል። ያልተለካ ነገር ሲኖር ደግሞ ያልተለካ መሆኑ ራሱ ድምዳሜ ነው። እኛ ኖራው ስንት ኩንታል ምርት እንደጨመረ ገና አልመዘንንም ነበር፤ ስለዚህ የስላይዱ ርዕስ «የኖራውን የምርት ጭማሪ የምናውቀው ከአጨዳ በኋላ ነው» ሆነ። «የምርት ጭማሪ ውጤት» ብዬ የአፈር ሥዕል ብለጥፍበት ኖሮ ሰሚው ውጤት አለ ብሎ ይሄድ ነበር።

አሁን ሥራውን ከፓወር ፖይንት አልጀምርም። ርዕሶቹን ብቻ በደብተር ላይ በተከታታይ እጽፋቸውና ሌላ የሥራ ክፍል ላለ ባልደረባ በቴሌግራም እልካቸዋለሁ። ከርዕሶቹ ብቻ ታሪኩን መልሶ ከነገረኝ ግራፍ መሥራት እጀምራለሁ። የት ላይ እንደጠፋበት ከነገረኝ እዚያ ላይ አንድ ስላይድ ይጎድላል ወይም ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ፋይሉ ሲያልቅ ደግሞ በ`View` ሥር `Outline View` ከፍቼ፣ በቀኝ ጠቅ አድርጌ ከ`Collapse` ሥር `Collapse All` እላለሁ፤ ርዕሶቹ ብቻ ተደርድረው ይቀራሉ። እዚያ ላይ ባዶ የሚታይ ስላይድ ካለ ርዕሱ በርዕስ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን በሌላ የጽሑፍ ሳጥን ተጽፏል ማለት ነው። ከአምናው ፋይል የተገለበጡ ስላይዶች ላይ ይህ በጣም ይበዛል፤ ጽሑፉን ቆርጦ ወደ ትክክለኛው የርዕስ ሳጥን መመለስ ብቻ ነው የሚፈልገው።