ፊዚክስ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አይገባኝም

አባቴ መንዝ ሆኖ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ሌሊት እየተነሳሽ ነው?" ብሎ ነው። እሱ ቤት ጎበዝ ተማሪ ማለት ዶሮ ሳይጮህ የተነሳ ነው። እኔም ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተን ለማትሪክ መዘጋጀት ከጀመርን ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ 10 ሰዓት ላይ ስነሳ ነበር። የደብረ ብርሃንን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ባና ተከናንቤ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ እያሞቅኩ፣ ፊዚክስ። ከባዱን ትምህርት በጠዋቱ ጨርሺው ተብያለሁ።

አብራኝ የምትኖረው የአክስቴ ልጅም በዚያው ሰዓት ትነሳለች። ልዩነቱ እሷ ማታ 3 ሰዓት ላይ ዓይኗ ይከደናል። ባዮሎጂ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ስንቴ እንደቀሰቀስኳት! እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና መንቃቴ ነው። 10 ሰዓት ላይ እሷ ጥያቄ ትሠራለች፣ እኔ ያንኑ ገጽ አራቴ አነባለሁ።

የሚያሳስተው ማንበቡ ነው። ደንዝዘሽም ቢሆን ማስታወሻ ስታነቢ የገባሽ ይመስልሻል። የሚያጋልጥሽ ስሌት ነው። አንድ ሌሊት ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ዕቃ ጥያቄ ስሠራ፣ ዕቃውን ወደታች የሚስበው ኃይል mg sin θ መሆኑን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እያወቅሁ mg cos θ ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አልመጣም። እንደገና ሠራሁ፣ እንደገና cos። ሃያ ደቂቃ! ማታ ደብተሩን ስገልጠው ገና ሳየው ስህተቱ ታየኝ።

ከዚያ ነው ልሞክረው ያልኩት። ከድሮ የማትሪክ ጥያቄዎች ተቀራራቢ ክብደት ያላቸውን አሥር አሥር እየቆረጥኩ፣ ሦስት ቀን ሌሊት 10 ሰዓት፣ ሦስት ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ ሠራሁ። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ነበረብኝ። እስከዚያ ድረስ ማታ አምሽቼ ሌሊት እየተነሳሁ የምተኛው አምስት ሰዓት እንኳን አይሞላም ነበር፣ ስለዚህ ያደነዘዘኝ ሰዓቱ ይሁን የእንቅልፍ ማጣቱ አይለይም። በሙከራው ሳምንት በሁለቱም በኩል ሰባት ሰዓት ተኛሁ፤ ለሌሊቱ ስል 3 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ መግባት ነበረብኝ፣ እሱም ራሱ ቅጣት ነው። ሌሊት ላይ ከአሥሩ አራት፣ አምስት፣ አራት። ማታ ላይ ስምንት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ያውም ቶሎ ጨርሼ።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ክረምት ላይ ቤት ሆኜ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ የምተኛው ከሌሊቱ 6 እስከ ጠዋት 2 ነው። የእንቅልፌ እኩሌታ ልክ 10 ሰዓት ላይ ይውላል ማለት ነው። ሰውነት ደግሞ በጣም የሚቀዘቅዘውና አእምሮ የሚዘገየው ከለመድነው መንቂያ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው፣ እኔ የፊዚክስ ደብተር ስዘረጋ ገና ቁልቁለቱ ላይ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ በዚያ ሰዓት ዳገቱን ጀምራለች። እሷም ብትሆን ግን ከአልጋ እንደወረደች ስሌት አትጀምርም። ፊቷን ትታጠባለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው እርሳስ የምታነሳው። ከእንቅልፍ የተነሳ ጭንቅላት መጀመሪያ ላይ ድንዙዝ ነው፣ የማለዳ ሰውም ቢሆን።

አሁን ፊዚክስና ሒሳብ ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ነው፣ መብራት ካልሄደብኝ። ባዮሎጂ ቀን። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ገደማ ሁለታችንም ስለምንፈዝ ማስታወሻ መገልበጥና ልብስ ማጠብ እዚያ ገባ። ለአባቴ ገና አልነገርኩትም። "እየተነሳሁ ነው" እላለሁ፣ ስንት ሰዓት ብሎ አይጠይቅም።

አንድ የማይቀር ችግር አለ፣ ፈተናው ማታ አይሰጥም። የማታዋን ጉብዝናዬን ጠዋት ላይ አምጥቼ ልተክላት አልችልም፣ ግን ቢያንስ 3 ሰዓት ላይ ስቀመጥ ከነቃሁ ሁለት ሦስት ሰዓት እንዲሆነኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ መኝታዬንም መነሻዬንም ሃያ ደቂቃ ቀደም እያደረግኩ ነው፣ በአንዴ ካደረግኩት አልጋ ውስጥ ዓይኔን አፍጥጬ እንደምቀር ከሙከራው ሳምንት አውቃለሁ። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ደጅ እወጣለሁ፣ ብርሃኑ ነው የሰውነቴን ሰዓት የሚያስቀድመው። አከራያችን ብርዱ ላይ ቆሜ ስታየኝ "ምን ሆንሽ ልጄ?" አለችኝ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው አልኳት፣ ለነገሩ ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አሥር ጥያቄ እሠራለሁ። ያለፈው ቅዳሜ አምስት ነበር። የዛሬው ስድስት፣ ሰባተኛውን sin ብዬ ጽፌ ማባዛቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት።