የድሮ ፊልም ከቅርቡ ወደ ሩቁ፦ ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ የምላቸው ነገሮች

የድሮ ፊልሞችን ማየት ስጀምር ያገኘኋቸው መመሪያዎች በሙሉ በዘመን ቅደም ተከተል እንድሄድ ይመክሩ ነበር። እኔም አምኜ ከ1902ቱ የሜልየስ የጨረቃ ጉዞ ተነሣሁ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። 1915 ላይ ስደርስ ግን ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጀው የግሪፊዝ ፊልም አጋጠመኝ፤ እሱን ሳልጨርስ ነገሩን አንድ ዓመት ሙሉ እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ያ ዓመት ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ ዓይናችን ከለመደው ዘመን ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል።

መነሻው የ1957ቱ ቱዌልቭ አንግሪ ሜን ይሁን። ከሞላ ጎደል በአንዲት ክፍል ውስጥ ቢያልቅም፣ አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ወጣት ሕይወት ላይ ሲከራከሩ 96 ደቂቃው ሳይታወቅ ያልፋል። ቀጥሎ ብስክሌቱን የተሰረቀ አባት ከልጁ ጋር ሮምን ሲያስስ የሚያሳየው የ1948ቱ ባይስክል ቲቭስ፣ ከዚያ የ1942ቱ ካዛብላንካ ይምጣ። የ1936ቱ የቻፕሊን ሞደርን ታይምስ ድልድይ ነው፤ ሙዚቃና ድምፅ አለው፣ ሰዎቹ ግን እምብዛም አይናገሩም። እስከዚህ ድረስ ምንም አልተቸገርኩም።

የተበላሸው ወደ ድምፅ አልባው ዘመን ስሻገር ነው። በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ ጅማ መርካቶ አካባቢ ካለ ፍላሽ የሚጭን ሱቅ ሄጄ የቻፕሊንን ዘ ጎልድ ራሽ አስጫንኩ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ፊልሙን የመረጥኩትም በመሃል በመሃል የሚመጡትን ጽሑፎች በአማርኛ እያነበብኩላት አብረን እንድናይ ነበር። ቡናው ተፈልቶ፣ ሁለት ጎረቤቶቻችን ተጠርተው ፊልሙ ሲጀምር ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም፤ በምትኩ አንድ ሰው ያለማቋረጥ በእንግሊዝኛ ይተርካል። በላዩ ላይ እየጮኽኩ ለመተርጎም ብሞክርም እናቴ፣ «ልጄ፣ አንተን ልስማ ወይስ እሱን?» አለችኝ። ሁለተኛው የቡና ስኒ ሳይቀዳ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ።

በማግሥቱ ባለሱቁን ስጠይቀው «ያው ቻርሊ ቻፕሊን ነው» ብሎ አሰናበተኝ። ያው አልነበረም። ቻፕሊን ፊልሙን በ1925 ድምፅ አልባ አድርጎ አወጣው፤ በ1942 ደግሞ ጽሑፎቹን አውጥቶ፣ ሙዚቃና የራሱን ትረካ ጨምሮና አሳጥሮ እንደገና አሳየው። የ1942ቱ 72 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የ1925ቱ 90 ደቂቃ አካባቢ ነው። በባለሱቁ ብናደድም የበለጠ የተናደድኩት በራሴ ነው፤ ከሱቁ ሳልወጣ የፊልሙን ርዝመት ማየትና የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች መክፈት ይበቃኝ ነበር። ብዙዎች የ1942ቱን የሚመክሩት ቻፕሊን ራሱ ስላዘጋጀው ነው፤ እንግሊዝኛ ከማይሰማ ሰው ጋር ለሚያይ ግን የ1925ቱ እንጂ ሌላው አይሆንም።

በዚያው ፍላሽ ላይ የነበሩት የ1916 እና የ1917 አጫጭር ፊልሞችም ሌላ ችግር ነበረባቸው፤ ሰዎቹ ሁሉ እንደሚባረር ሰው ይሮጣሉ። በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ ስለሚሽከረከር ፍጥነቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። በሰከንድ 16 ምስል ተቀርጾ በ24 የሚታይ የ30 ደቂቃ ፊልም በ20 ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። በVLC ላይ `[` የሚለውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሲጫኑት ፍጥነቱ ወደ 0.70 ይወርዳል፤ ይህም ለእንዲህ ዓይነቱ ቅጂ ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን ቻፕሊንን እያዩ አይለኩት፤ የዘመኑ ኮሜዲያን ሆን ብለው ራሳቸውን ትንሽ ያፈጥኑ ነበር። ከኋላ የሚያልፈውን መንገደኛ ወይም የሚወጣውን ጭስ ይመልከቱ፤ ጭሱ እንደ ጭስ ቀስ ብሎ ሲወጣ ፍጥነቱ ልክ ነው።

የ1925ቱን ቅጂ ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ እናቴን እንደገና አስቀመጥኳት። የተራበው ቻፕሊን ጫማውን ቀቅሎ ሲያቀርብ፣ የጫማውን ክር እንደ ፓስታ ሹካው ላይ ሲጠቀልልና ሚስማሮቹን እንደ አጥንት አንድ በአንድ ሲመጥ፣ ጀበናውን ትታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ጫማው ለቀረጻ ከጣፋጭ ከረሜላ የተሠራ መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም። በ1942ቱ ቅጂ የተቆረጠው የመጨረሻው መሳሳም ሲመጣ ደግሞ ፊቷን ወደ ስኒዎቹ መለሰች።

መጀመሪያ የተነሣሁበትን የሜልየስን የጨረቃ ጉዞ ከእናቴ ጋር ያየነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሮኬቱ የጨረቃን ዓይን ሲወጋ እናቴ «ድገመው» አለችኝ።