አንድ ሳንቲም ያልጎደለው የተሳሳተ ማስታረቂያ

የገንዘብ መዝገባችንን፣ ካሽ ቡኩን፣ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር የማመሳክርበትን የግንቦት የባንክ ማስታረቂያ ስሠራ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል ገጠመልኝ። ደስ ብሎኝ አትሜ ለዋና ሂሳብ ሠራተኛችን ወሰድኩላቸው። እሳቸው ድምሩን እንኳን አላዩም። ቀጥታ ያልተመነዘሩ ቼኮች ዝርዝር ላይ ሄዱና የአንዱን ተከፋይ ስም እየጠቆሙ "14 ቼክ? ይሄ ሰውዬ እኮ ቼክ በተቀበለ ማግስት ባንክ የሚገኝ ነው" አሉኝ። ከ14ቱ 12ቱ የተጻፉት በግንቦት የመጨረሻ ሳምንት ነበር።

"ስቴትመንቱ እስከ መቼ ነው?" ሲሉኝ ነው የገባኝ። ከባንክ የጠየቅኩት የሜይን ወር ነው፣ ከሜይ 1 እስከ 31። የእኛ ካሽ ቡክ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚዘጋው። ሜይ 31 ማለት ግንቦት 23 ነው። ግንቦት 30 የሚውለው ጁን 7 ላይ ነው። ባንኩ በእነዚያ ሰባት ቀናት የከፈላቸውን ቼኮች ሁሉ ስቴትመንቱ ላይ ስላጣኋቸው "ያልተመነዘረ" ብዬ በካሽ ቡኩ ዋጋ ደርድሬያቸዋለሁ። በራሳችን ቁጥር የራሳችንን መዝገብ አስታረቅኩ ማለት ነው፤ ታዲያ እንዴት አይገጥም?

ከሜይ 9 እስከ ጁን 7 ያለውን አስመጥቼ እንደገና ጀመርኩ። ባንኩ ጁን 7 ላይ 449,300 ብር ይላል። በእውነት ያልተመነዘሩት ሁለት ቼኮች ብቻ ሆኑ፣ 43,500 ብር፤ እሱን ቀነስኩ። በመጨረሻው ቀን ገቢ አድርገን ባንኩ ገና ያልመዘገበውን 9,000 ደመርኩ። 414,800 መጣ። ካሽ ቡካችን ደግሞ 412,350 ነው። ባንኩ ለቼክ ደብተር የቆረጠውን፣ እኛ ያልመዘገብነውን 250 ስቀንስ 412,100 ሆነ። አሁን በግልጽ 2,700 ብር ልዩነት አለ።

2,700 ለ9 ያለቀሪ ይካፈላል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሁለት አሃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ነው (ሁልጊዜ ባይሆንም)። ቼኮቹን አንድ በአንድ ከስቴትመንቱ ጋር ሳመሳክር ባንኩ 4,700 የከፈለበትን ካሽ ቡኩ ላይ 7,400 ብለን መዝግበነዋል። ቼክ ደብተሩ ላይ በሚቀረው የቼኩ ቀሪ ቁራጭ ላይም በእጅ ጽሑፍ 4,700 ተብሎ ተጽፏል። ያ ቼክ የተጻፈው ግንቦት 25 ነው፤ በመጀመሪያው ዝርዝሬ ውስጥ በ7,400 ተደብቆ ተቀምጦ ነበር።

ያልተመነዘሩት ቼኮችና በመንገድ ላይ ያለው ገቢ በእኛ መዝገብ ላይ ምንም ማስተካከያ አይፈልጉም፤ ባንኩ ላይ ጊዜያቸውን ጠብቀው ይታያሉ። ለ250ውና ለ2,700ው ግን የማስተካከያ ምዝገባ አዘጋጅቼ፣ የቼኩን ቀሪ ኮፒ አያይዤ አስፈረምኩ።

አሁን ስቴትመንት ስጠይቅ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ነው የምልከው። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ከመስከረም እስከ የካቲት ቀኑ በአንድ ስለሚገፋ፣ በእነዚያ ወራት ካሌንደር ሳላይ አልጽፍም።