«ጓደኛሽ ምን አለችሽ?»

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። አንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ታሪክ አስተምር ነበር። አንደኛው ሴክሽኔ 58 ተማሪ ነበረው። ዝምተኛ ክፍል ነበር። አይረብሹም፣ አያረፍዱም፣ ደብተራቸው ንጹሕ ነው። ጥያቄ ስጠይቅ ግን ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ከፊት የሚቀመጡ አምስት ስድስት ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ፣ እኔም እነሱን እየጠየቅሁ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

«አያጠኑም» ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሲኒየር የባዮሎጂ መምህርት ክፍሌን ሊያዩ ገቡ። ከኋላ ተቀምጠው የሆነ ነገር ሲጽፉ ዋሉ። ከክፍለ ጊዜው በኋላ መምህራን ማረፊያ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ወረቀታቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። ስለ ትምህርቱ ይዘት የተጻፈበት ነገር የለም። ጥያቄ በጠየቅሁ ቁጥር ስንት ሰከንድ እንደጠበቅሁ ነበር የመዘገቡት። አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። ከዚያ ወይ ራሴ እመልሳለሁ ወይ የፊት ረድፉን ልጅ እጠራለሁ።

«ልጄ፣ አንተ ራስህ በአንድ ሰከንድ ትመልሰዋለህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንኑ ነገር ቀድማ እንዳጠናችው ነገሩኝ። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል ግን መልሱ እንደሚረዝም፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር እንደሚጀምሩ አግኝታለች። ከዚያ «ቲንክ ፔር ሼርን ለምን አትሞክረውም?» አሉኝ። ስሙን በሥልጠና ሰምቼዋለሁ። ፍራንክ ላይማን የተባለ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው በ1981 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ነው። መጀመሪያ ተማሪው ብቻውን ያስባል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይነጋገራል፣ በመጨረሻ ለክፍሉ ያካፍላል። ቀላል መስሎኝ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሞከርኩት።

ከሸፈ። ርዕሳችን የውጫሌ ውል ነበር። «የውጫሌ ውል ለምን ፈረሰ? አስቡና ከጎናችሁ ካለው ጋር ተወያዩ» አልኳቸው። ግማሹ መጽሐፉን ገልጦ አንቀጽ 17 የሚለውን መስመር ገለበጠ። የቀረው ስለ ቅዳሜው ኳስ ማውራት ጀመረ። «በቃ፣ ማን ይንገረን?» ስል ክፍሉ ጸጥ አለ። እጃቸውን ያወጡት እነዚያው አምስት ስድስት ልጆች ናቸው።

ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ሳስበው ሦስት ጥፋት ታየኝ። አንደኛው ጥያቄው ነው። መልሱ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ጥያቄ ሁለት ሰው የሚያነጋግር ነገር የለውም። አንዱ «ገጽ ስንት ላይ ነው?» ይላል፣ ሌላው ይነግረዋል፣ አለቀ። ሁለተኛው፣ የማሰቢያውን ጊዜ ለይቼ አልሰጠሁም። «አስቡና ተወያዩ» ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ ስላዘዝኩ ፈጣኑ ልጅ ሲናገር ያላሰበው ጓደኛው ራሱን ይነቀንቃል። በአንድ ለአምስት ቡድን ያየነው ነገር ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ሦስተኛውን እንኳ ለማመን ጊዜ ፈጅቶብኛል። ቋንቋው ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እኔም «ኢንግሊሽ ኦንሊ» እያልኩ ስገሥጻቸው ነበር። ልጁ ሐሳብ ይኖረዋል። ሐሳቡን በእንግሊዝኛ እስኪያዋቅር ግን ሌላ ልጅ ተጠርቶ ይመልሳል።

በሳምንቱ ወደዚያው ርዕስ ተመለስኩ። ይሄኛውን ክፍለ ጊዜ በደንብ ስለማስታውሰው እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፍኩ። አንድ፦ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመላላክ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተወሰደ። ሁለት፦ ጥቅምት 1882 ኢጣልያ ይህንኑ አንቀጽ ይዛ ኢትዮጵያ በእሷ ጥበቃ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ሦስት፦ ታኅሣሥ 1882 ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ፤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን በኢጣልያ በኩል መላክ ነበረበት የሚል ነበር።

ከዚያ ጥያቄውን ከሥሩ ጻፍኩ። «የሁለቱ ቅጂዎች ልዩነት የትርጉም ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ? አንዱን ምረጡ። ከሦስቱ አንዱን ማስረጃ አድርጉ።» መጽሐፍ አዘግቼ ሁሉም ከደብተሩ ላይ ግማሽ ገጽ ቀደደ። ሁለት ደቂቃ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በፈለጉት ቋንቋ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።

ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ለመምህር ከባድ ነው። እጄ ጠመኔውን ያሽከረክራል። አፌ «ገባችሁ?» ሊል ይመጣል። ሰዓቴን እያየሁ ቻልኩት። አርባ ሰከንድ ገደማ ላይ ገና ያልጀመሩ ነበሩ። ከደቂቃው በኋላ ግን የሚጽፍ እስክሪብቶ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ቀጥሎ ጥንድ አደረግኋቸው። የኛ ዴስክ ሦስት ሰው ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ብዙ ቦታ ሦስት ሦስት ሆኑ። ሥርዓቱን ግን ለየሁት። መስኮት በኩል ያለው ቀድሞ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ጊዜ ሲሞላ ጠረጴዛ እመታለሁ፣ ይቀያየራሉ። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ። ቀድሞ የሚናገረውን የመቀመጫው ቦታ ሲወስነው «አንተ ጀምር፣ አንቺ ጀምሪ» መባባል ይቀራል፤ ደፋሩም ልጅ ሁልጊዜ አይቀድምም። መነጋገሪያው በአማርኛ ይሁን አልኳቸው። ወዲያው ክፍሉ ሞቀ።

እኔ በረድፎቹ መሀል እየዞርኩ ወረቀቶቹን አየሁ። የማልለቀው ልማዴ ይሄ ሆኗል። ድምፁ ከመታሁት ጊዜ ቀድሞ ከሞተ ጥያቄው አንሷቸዋል ማለት ነው። ሳቅ ከበዛ ጊዜው በዝቷል። አምስት ወረቀት ላይ ያው ቃል ለቃል ከተጻፈ ከመጽሐፍ ተገልብጧል። ያን ቀን ግን ወረቀቶቹ ይለያያሉ።

ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ ያን ሁሉ ወር ድምጿን ያልሰማሁት ልጅ አለች። ወረቀቷን በክንዷ ሸፍናለች። ለጓደኛዋ ስታነብ ጎንበስ ብዬ ሰማኋት። «ስህተት ቢሆን ኖሮ ይታረም ነበር። እነሱ ግን ለአውሮፓ ሁሉ ደብዳቤ ጻፉበት።»

ቆሜ ቀረሁ። ጥቅምት 1882ን ማስረጃ አድርጋ ያቆመችው ክርክር ነው። እኔ በዓመታት ማስተማር እንዲህ አጥርቼ አልነገርኳቸውም።

ማካፈሉ ላይ «ማን ይመልሳል?» አላልኩም። እጅ ማውጣት ከጠየቅሁ እነዚያው አምስት ልጆች ናቸው የሚመጡት። ጓደኛዋን ጠራሁና «ጓደኛሽ ምን አለችሽ?» አልኳት። የሌላ ሰው ሐሳብ ሲሆን መናገር ይቀላል፤ ቢሳሳት የራስ ስህተት አይደለም። እንግሊዝኛውን እንዳይፈሩት ደግሞ የዓረፍተ ነገር መነሻዎች በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸው ነበር፤ «ጓደኛዬ የሚያስበው...»፣ «ምክንያቱም...»፣ «እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም...» የሚሉትን። ልጅቷ በተቆራረጠ እንግሊዝኛ፣ አንዱን ቃል በአማርኛ ሞልታ፣ የጓደኛዋን ሐሳብ ተናገረች። ባለ ሐሳቧ ፊቷ ቀላ፣ ግን ቀና አለች።

ከኋላ አንድ ልጅ ሳይጠራ ተነሣ። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ስህተት ሊሆን ይችላል። በኋላ ግን ስህተቱ ስለጠቀማቸው ያዙት።» ሁለት አማራጭ ብቻ ነበር የሰጠሁት፣ እሱ ሦስተኛ አመጣ። ሌላዋ ደግሞ ሦስተኛውን ማስረጃ አነሣች፦ ምኒልክ በቀጥታ መጻፋቸው በአማርኛው አንቀጽ ላይ ተመሥርተው ይሠሩ እንደነበር ያሳያል አለች። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ነገር ምኒልክ ውሉን በ1885 እንደሻሩት፣ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ እንደደረሰ መንገር ብቻ ነበር። ለምን እንደደረሰ ራሳቸው ተከራክረውበታል።

ይህ ሁሉ ከ40 ደቂቃው ከ12 እስከ 15 የሚሆነውን ወስዷል። ኪሳራም አለው። የዚያን ዕለት የያዝኩትን ግማሽ ገጽ ማስታወሻ አላስጻፍኩም። አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው የማደርገው፤ የሚያከራክር ማስረጃ ያለበት ርዕስ ሲገኝ ብቻ። ውሉ መቼ ተፈረመ ለሚል ጥያቄ ይህን ሁሉ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው።

ያልፈታሁትም አለ። ሁለት ዓይናፋሮች አብረው ሲቀመጡ ጽፈው፣ ተያይተው፣ ዝም ይላሉ። ለእነሱ ወረቀት ተለዋውጠው የጓደኛቸውን ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደርጋለሁ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ግድግዳ ጥግ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለጥንዱ ይናገር ነበር እንጂ ለክፍሉ አንድ ቀንም አልተናገረም። ወረቀቶቹን ግን ሰብስቤ አነብ ነበር። ዝም ባለባቸው ወራት «አያጠናም» ብዬ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

የስም መጥሪያው ጠርዝ ላይ ማን እንደተናገረ በእርሳስ ነጥብ አደርግ ጀመር። ነጥብ የሌለውን ስም በሚቀጥለው ሳምንት «ጓደኛህ ምን አለህ?» ብዬ አስቀድመዋለሁ።

ከዚያ ክፍለ ጊዜ በኋላ ባለው ቀን፣ መስኮት ሥር ያለችው ልጅ ደብተሬን ሰብስቤ ስወጣ በር ላይ ደረሰችብኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«ቲቸር፣ አስተርጓሚው ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አንብቧቸው ነበር እንዴ?»

«ነገ ለክፍሉ ጠይቂልኝ» አልኳት። በማግስቱ ስገባ ጥያቄውን ራሷ ሰሌዳው ላይ ጽፋው ጠበቀችኝ። ግማሾቹ ወረቀታቸውን ቀደው ተዘጋጅተዋል።