የካፌ የፖስት ፕላን ከጾም ቀን ይጀምራል

ገጽ መክፈት፣ ስልክና አድራሻ መሙላት፣ ሎጎ መስቀል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ከፍዬ ያሠራሁት የወር ፕላን ነው።

ማስታወቂያ ሠሪዎቹ አሳምረው ያመጡት ሠንጠረዥ ረቡዕ በርገር፣ ዓርብ ክሬም ኬክ ይላል። ካፌው ያለው አዲስ አበባ፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ የሚያዝበት ነበር። በርገሩ እንደወጣ ከሥሩ "ጾም መሆኑን አታውቁም?" የሚል ኮሜንት ተደረደረ። ደውዬ ስጠይቅ "ኢንጌጅመንቱ እኮ ጨምሯል" አሉኝ። እስካሁን ይከነክነኛል። የተቀየመ ሰው ምሳ ሊበላ አይመጣም።

ስለዚህ ፕላኑን ራሴ ከጾሙ ጀምሬ ሠራሁት። በመጀመሪያ ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታን ቀለም ቀባሁ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም እዚያ ቀለም የለም። በተቀባው ቀን በያይነቱ፣ ተጋቢኖና ስፕሪስ ብቻ ይወጣሉ። የረቡዕን ምሳ ማክሰኞ ማታ እለጥፋለሁ፤ ሰው ቢሮ ሳይገባ እንዲያየው። በየቀኑ ለጥፉ የሚለውን ምክር ግን አልቀበልም። ትንሽ ኩሽና በሳምንት ሦስት ጥሩ ፎቶ ካወጣ ይበቃዋል።

ፎቶውንም ከእነሱ እጅ አወጣሁት። ማታ በፍላሽ ያነሱት ተጋቢኖ ዘይቱ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ጥሎበት ነበር። እኔ የማነሳው ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ በስልክ ነው። አምፖሉን አጠፋለሁ። የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ከተቀላቀለ የእንጀራው ግማሽ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይመስላል። ጥላው በሚያርፍበት በኩል ነጭ ካርቶን አቆማለሁ፤ ጥቁረቱ ይለዝባል።

በያይነቱ ከላይ ሲነሳ ወጡ ሁሉ ይለያል። ተጋቢኖና ማኪያቶ ግን ከጎን፣ ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ነው የሚያምሩት።

ተጋቢኖ ጊዜ አይሰጥም። ከእሳት እንደወረደ ይንተከተካል፤ ትንሽ ከቆየ ላዩ ቆዳ ይይዛል፣ ምግቡም ያደረ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ ድስት አስቀምጬ ስልኩን አስተካክላለሁ። ስክሪኑን ጫን አድርጌ ፎከሱን እቆልፋለሁ፣ ብርሃኑንም በጥቂቱ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ነጩ ሳህን ከልክ በላይ እንዳይነጣ። ከዚያ "አምጡ!" እላለሁ። ማኪያቶም እንዲሁ ነው፤ አረፋው ሳይወርድ መነሳት አለበት። እንጀራው ጠርዙ እንዳይደርቅ በመጨረሻ ይወጣል።

ያነሳሁትን የጾምና የፍስክ ብዬ በሁለት ፎልደር አስቀምጣለሁ። የሚለጥፈው ልጅ ቀለም ለተቀባ ቀን ሲለጥፍ የፍስኩን እንዳይከፍት ነግሬዋለሁ።